የተጣለበትና ያረፈበት፦ ስለ አቅርቦትና ፍላጎት ግራፍ የአማርኛ ስያሜዎች

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የኢኮኖሚክስ ማስተማሪያ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ተመልሶ አስተያየት እንድንሰጥበት ደርሶን ነበር። ተርጓሚው ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ዐረፍተ ነገሩን የሚጠነቀቅለት ሰው መሆኑ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይታያል። ይሁን እንጂ ስለ ገበያ ዋጋና ስለ ታክስ ከሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የሚከተለውን አገኘን፦ «ታክስ በሻጮች ላይ ሲጣል አቅርቦት ከፍ ይላል፤ ሚዛናዊ ዋጋም ይጨምራል፤ ዋጋ ስለ ጨመረ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ፍላጎት ሲቀንስም ዋጋ ይወርዳል፤ ስለዚህ ታክሱን የሚከፍሉት ሻጮች ናቸው።»

ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም። ሐሳቡ ግን ከመጀመሪያው ሐረግ እስከ መጨረሻው የተሳሳተ ነው። የሚያስገርመው፣ ስሕተቱ የመጣው ኢኮኖሚክስን ካለማወቅ ብቻ አይደለም፤ በዋናው ጽሑፍ ላይ በሁለት ስያሜ የተለዩ ነገሮች በአማርኛው በአንድ ቃል ስለ ተጠሩ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሐረጎች እንዲያውም በዋናው ጽሑፍ ላይ የሉም። ተርጓሚው ቀደም ባለው ገጽ «ፍላጎት ሲቀንስ ዋጋ ይወርዳል» የሚል ስለ ነበር፣ ቃሉን እዚህም ሲያገኘው ሰንሰለቱን ራሱ ቀጥሎ ጨረሰው። ቃሉ አንድ ከሆነ ነገሩም አንድ ይሆናል ብሎ ማመኑ አይፈረድበትም። ስለዚህ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ሐረግ በሐረግ እየፈታን ስያሜዎቹን መመርመር ይሻላል ብለናል።

አስቀድሞ ግራፉ ምን እንደሚመስል እናስታውስ። ዋጋ በቋሚው መስመር፣ መጠን በአግዳሚው መስመር ላይ ይጻፋል። ይህ አጻጻፍ አልፍሬድ ማርሻል በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጸና ልማድ ሲሆን፣ ሒሳብ የለመደ ተርጓሚ ተሳስቷል ብሎ እንዳያገላብጠው እንለምናለን። ከማርሻልም በፊት በኤዲንብራ የምሕንድስና መምህር የነበረው ፍሊሚንግ ጄንኪን በ1870 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ሁለቱን መስመሮች አገናኝቶ ሥሏቸዋል፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ሥዕል ታክስ በማን ላይ እንደሚያርፍ አሳይቷል። እዚህ የምንከራከርበት ነገር እንግዲህ ከሥዕሉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ለምሳሌ የጃንጥላ ገበያ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲቀሉ የተመረጡ ናቸው። ዋጋው 200 ብር ሲሆን ገዢዎች 80 ጃንጥላ ሊገዙ፣ ሻጮችም 80 ሊሸጡ ፈቃደኛ ናቸው እንበል። ዋጋው በ10 ብር በጨመረ ቁጥር ገዢዎች 2 ጃንጥላ ይቀንሳሉ፤ ሻጮች 4 ይጨምራሉ። ስለዚህ ዋጋው 250 ብር ቢሆን ገዢዎች የሚፈልጉት 70፣ ሻጮች የሚያቀርቡት 100 ይሆናል፤ 30 ጃንጥላ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ሻጮችም እንዳይቀርባቸው ዋጋ ይቀንሳሉ። ዋጋው 180 ብር ቢሆን ደግሞ 84 ተፈልጎ 72 ብቻ ይቀርባል፤ ገዢዎችም እየተሻሙ ዋጋውን ወደ ላይ ይገፉታል። 200 ብር ላይ ብቻ ማንም የሚገፋው የለም።

እስቲ አሁን ክረምት ገባ እንበል። ዋጋው ምንም ይሁን ምን ገዢዎች ከበፊቱ 12 ጃንጥላ አብልጠው ይፈልጋሉ። መስመሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለ ማለት ነው። በቀድሞው በ200 ብር 92 ተፈልጎ 80 ስለሚቀርብ ዋጋው ይወጣል፤ እየወጣም ሄዶ 220 ብር ላይ ያርፋል፤ የሚሸጠውም 88 ይሆናል። አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልን። በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ለውጦች አሉ። ዝናቡ መስመሩን አንቀሳቀሰው፤ የዋጋው መውጣት ደግሞ የሚፈለገውን ከ92 ወደ 88 ቀነሰው፤ መስመሩን ግን አልነካውም። ሁለቱንም «ፍላጎት» ብለን ከጠራናቸው «ፍላጎት ጨመረ፤ ስለዚህ ፍላጎት ቀነሰ» ልንል ነው። ተማሪው ይህን አንብቦ መጽሐፉን ቢዘጋ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ አማርኛ ራሱ ያዘጋጀውን መለያ መጠቀም ነው። «ፍላጎት» የሚለውን ስም ለመላው መስመር፣ ማለትም በእያንዳንዱ ዋጋ ምን ያህል እንደሚገዛ ለሚያሳየው ግንኙነት እንተወው። በአንድ ተለይቶ በታወቀ ዋጋ ላይ ያለውን ቁጥር ደግሞ «የተፈለገ መጠን» እንበለው። በሌላውም ወገን «አቅርቦት» መስመሩ፣ «የቀረበ መጠን» ቁጥሩ ይሁን። ተደራጊው ግሥ የተፈጸመን፣ የተወሰነን ነገር ስለሚያመለክት በአንድ ነጥብ ላይ ላለ ቁጥር ይስማማል፤ ስሙ ደግሞ ያልተወሰነውን ሁሉ ያቅፋል። «ፍላጎት» የሚለው ቃል በራሱ ሙሉ እንዳልሆነ እናውቃለን። የሚመኝ ሁሉ ይፈልጋል፤ ገንዘብ የሌለውም ይፈልጋል፤ በግራፉ ላይ የሚቆጠረው ግን የመክፈል አቅም ያለው ብቻ ነው። ይህን ጉድለት ለማረም ሌላ ቃል የሞከሩ ቢኖሩም «ፍላጎት» በጋዜጣም በሬዲዮም ከሥር ሰድዷል፤ ከሥሩ ከመንቀል ይልቅ በመግለጫው ማሟላት ይበጃል።

ለእንቅስቃሴውም ሁለት ግሥ ያስፈልጋል። ነጥቡ በመስመሩ ላይ ሲሄድ «በመስመሩ ላይ ተጓዘ»፣ መስመሩ ራሱ ቦታ ሲለቅ «መስመሩ ፈቀቅ አለ» ቢባል አንባቢ አይሳሳትም። «ተለወጠ» የሚለው ለሁለቱም ስለሚያገለግል ለአንዱም አያገለግልም። እግረ መንገዳችንን «ኩርባ» ስለሚለው ስያሜ አንድ ቃል እንበል። በሥዕሉ ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በማስመሪያ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ጽሑፉ ግን «ቀጥ ያለው የፍላጎት ኩርባ» ይላል። «መስመር» ቀጥ ያለውንም የጎበጠውንም ስለሚችል እሱን መርጠናል።

ወደ ተርጓሚው የመጀመሪያ ሐረግ እንመለስ፤ «አቅርቦት ከፍ ይላል»። መንግሥት ጃንጥላ ሻጮች በእያንዳንዱ ጃንጥላ 60 ብር ታክስ እንዲያስገቡ አዘዘ እንበል፤ ክረምቱንም ለጊዜው እንርሳው። ቀድሞ በ200 ብር 80 ያቀርብ የነበረ ሻጭ አሁን ያንኑ 80 ለማቅረብ 260 ብር ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ከ260 ብር 60ው ቢወሰድ በእጁ የሚቀረው 200 ነው። ስለዚህ የአቅርቦት መስመር በሥዕሉ ላይ በ60 ብር ወደ ላይ ይነሣል። ዋናው ጽሑፍ «መስመሩ ወደ ላይ ተነሣ» ሲል፣ ትርጉሙ «መስመር» የሚለውን ጣለና «አቅርቦት ከፍ አለ» አለ። በአማርኛ ደግሞ «ከፍ አለ» ማለት «በዛ» ማለት ነው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በየትኛውም ዋጋ ላይ የሚቀርበው ከበፊቱ በ24 ጃንጥላ አንሷል፤ በ200 ብር 80 የነበረው 56 ብቻ ሆኗል። የአቅርቦት መስመር ወደ ላይ ሲነሣ አቅርቦት ይቀንሳል። ይህ በትምህርት ቤት ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት ቦታ ነው፤ ትርጉሙ ደግሞ ማሰናከያውን ከፍ አድርጎ አስቀምጦለታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ስለ መስመር ሲነገር «መስመር» የሚለው ቃል ፈጽሞ አይቀር፤ ስለ ብዛት ሲነገር «ከፍ» እና «ዝቅ» የሚሉት ፈጽሞ አይግቡ፤ «በዛ» እና «አነሰ» ይበቃሉ።

ሁለተኛው ሐረግ «ሚዛናዊ ዋጋ» ነው። እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቻችን ጋር አንስማማም። «ሚዛን» መልካም ቃል ነው፤ የነጋዴው ሚዛን ሁለቱ ሳሕኖች እኩል ሆነው ሲያርፉ የሚታየው ነገር በግራፉ ላይ ሁለቱ መስመሮች ከሚቋረጡበት ነጥብ ጋር ይቀራረባል። «ሚዛናዊ» ሲባል ግን ቅጽሉ ለዋጋው ጠባይ ይሰጠዋል። ሚዛናዊ ዳኛ የማያዳላ ዳኛ ነው፤ ሚዛናዊ ዘገባ ለሁለቱም ወገን ቦታ የሰጠ ነው። እንግዲህ «ሚዛናዊ ዋጋ» የሚል ያነበበ ሰው ፍትሐዊ ዋጋ፣ ማንንም የማይጎዳ ዋጋ ነው ብሎ ቢረዳ ቋንቋው ያስተማረውን ነው የተረዳው። ነጥቡ ግን ስለ ፍትሕ ምንም አይናገርም። የተፈለገው መጠንና የቀረበው መጠን እኩል መሆናቸውን ብቻ ይናገራል፤ በዚያ ዋጋ ጃንጥላ መግዛት ያልቻለው ሰው በዝናብ እየበሰበሰም ገበያው ሚዛን ላይ ነው። ስለዚህ «የሚዛን ዋጋ» እንድንል እናሳስባለን። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ቢመስልም፣ ዘርፉ ዋጋውን ከነጥቡ ጋር ያዛምደዋል እንጂ አያሞግሰውም።

ሦስተኛውና አራተኛው ሐረግ አሁን ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ታክሱ ከተጣለ በኋላ ዋጋው 260 ብር ላይ አይቆምም። በ260 ብር 80 ይቀርባል፤ የሚፈለገው ግን 68 ብቻ ነው። ዋጋው ይወርድና 240 ብር ላይ ያርፋል፤ እዚያ ገዢዎች 72 ይፈልጋሉ፤ ሻጮችም ከ240 ብር 60ውን አስገብተው 180 ስለሚቀርላቸው 72 ያቀርባሉ። ከ80 ወደ 72 የቀነሰው የተፈለገው መጠን ነው። የፍላጎት መስመር ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ስላልተነቃነቀም ዋጋውን መልሶ የሚያወርደው ነገር የለም። «ፍላጎት ይቀንሳል፤ ፍላጎት ሲቀንስም ዋጋ ይወርዳል» የሚለው ሰንሰለት የቆመው በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም ላይ ብቻ ነበር፤ «የተፈለገ መጠን» የሚለው ስያሜ በቦታው ቢኖር ሰንሰለቱ ገና በመጀመሪያው ቀለበት ይበጠስ ነበር።

የመጨረሻው ሐረግ ከሁሉ የከበደ ነው፤ «ስለዚህ ታክሱን የሚከፍሉት ሻጮች ናቸው»። ይህ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ገንዘቡን ቆጥሮ ለመንግሥት የሚያስረክበው ሻጩ ነው፤ በዚህ ረገድ ከፋዩ እርሱ ነው። ነገር ግን ገዢው 200 ብር ይገዛው የነበረውን ዛሬ በ240 ብር ይገዛል፤ 40 ብር ከኪሱ ወጥቷል። ሻጩም 200 ብር ያገኝበት ከነበረው ዛሬ 180 ብር ያገኛል፤ 20 ብር ጎድሎበታል። ከመንግሥት ገቢ 4320 ብር ውስጥ 2880ው ከገዢዎች፣ 1440ው ከሻጮች የመጣ ነው። ሕጉ የሻጮችን ስም ጠራ፤ ከሸክሙ ሁለት ሦስተኛውን ግን የያዙት ገዢዎች ናቸው።

አሁን ሕጉን እንለውጠውና ያው 60 ብር በገዢዎች ላይ ይጣል። ገዢው ለሻጩ ከሚሰጠው ሌላ 60 ብር ለመንግሥት ስለሚከፍል የፍላጎት መስመር በ60 ብር ወደ ታች ይወርዳል። ሻጩ የሚቀበለው ዋጋ 180 ብር ላይ ያርፋል፤ ገዢው 180ና 60 ደምሮ 240 ብር ያወጣል፤ የሚሸጠውም 72 ነው። አንድም ቁጥር አልተለወጠም። ጄንኪን ያሳየው መንገድ ለማንም አንባቢ እንግዳ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ታክሱ በማን ስም እንደ ተጻፈ ስለ አከፋፈሉ እንጂ ስለ ሸክሙ አይናገርም። ሸክሙን የሚያከፋፍለው ዋጋ ሲለወጥ ማን ሸሽቶ መሄድ እንደሚችል ነው። በእኛ ገበያ ለ10 ብር ለውጥ ሻጮች በ4፣ ገዢዎች በ2 ይመልሳሉ፤ የሚሸሸው ሻጩ በመሆኑ ትንሹን ይሸከማል። ጠባዩ ቢገለበጥ፣ ማለትም ገዢዎች በ4 ሻጮች በ2 ቢመልሱ፣ ገዢው 20 ሻጩ 40 ይሸከሙ ነበር። ለዚህ ጠባይ «ተለጣጭነት» የሚል ስያሜ አለ፤ ላስቲክ እንጂ ገበያ አያስታውስም። «የመጠን አጸፋ» የሚለው ሐሳቡን ይቀርበዋል ብለን እናምናለን፤ በዚህ ግን አንጸናም።

በዚህ ቦታ አማርኛ ከብዙ ቋንቋ የተሻለ መሣሪያ ይዞ ሳለ ተርጓሚዎቻችን አልተጠቀሙበትም። ታክስ «ይጣላል» እንላለን። የተጣለ ነገር ደግሞ አንድ ቦታ «ያርፋል»። ሁለቱ ቃላት በተራ ንግግር ውስጥ ተለይተው የኖሩ ናቸው፤ የወረወረው ድንጋይ ካለመበት ሌላ ቦታ እንደሚያርፍ ማንም ያውቃል። ስለዚህ ሕጉ የጠራው ሰው «የተጣለበት»፣ ገንዘቡን የሚያስረክበው «ከፋይ»፣ ገቢው ወይም ኪሱ የሚጎድለው «ተሸካሚ» ይባል፤ ጉዳዩ በጠቅላላው «የታክስ ማረፊያ» ይባል። «የታክስ ጫና» የሚለው ስለ ክብደቱ እንጂ ስለ ቦታው ስለማይናገር ለዚህ አይበቃም።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። በአሜሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ዋጋቸው ከ100,000 ዶላር በላይ በሆነ የመዝናኛ ጀልባዎች ላይ፣ ከዚያ በላይ ባለው ዋጋ 10 በመቶ ታክስ ጣለ። የታሰበው ሀብታሞች እንዲሸከሙት ነበር። ሀብታም ግን ጀልባውን ትቶ ሌላ ነገር መግዛት ይችላል፤ የጀልባ ሠሪው ሠራተኛ ሙያውን በአንድ ጀንበር መለወጥ አይችልም። የጀልባ ሽያጭ ቀነሰ፤ በዘመኑ ኢኮኖሚው ራሱ ተዳክሞ ስለ ነበር ጥፋቱ ሁሉ የታክሱ ነው ባይባልም፣ በጀልባዎች ላይ የተጣለው ታክስ በ1993 እ.ኤ.አ. ተሻረ። ይህን ታሪክ «ታክሱን ሀብታሞች ይከፍላሉ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ስለ ሕጉ ቃል ልክ ነው፤ ስለ ሆነው ነገር ግን ተሳስቷል፤ ዐረፍተ ነገሩም የትኛውን እንዳለ አይገልጽም።

በአገራችንም ጥያቄው በየዕለቱ በእጃችን ይገባል። የተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ተደንግጎ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ምጣኔው 15 በመቶ ሆኖ ነበር። ደረሰኙ ዋጋውን ለብቻ፣ ታክሱን ለብቻ ስለሚጽፍ ገዢው 15 በመቶውን በሙሉ የተሸከመው እርሱ እንደሆነ ያምናል። ደረሰኝ ግን አከፋፈልን እንጂ ማረፊያን አይመዘግብም። ማረፊያውን ለማወቅ ታክሱ ባይኖር ዋጋው ስንት ይሆን እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በደረሰኝ ላይ አይጻፍም። በነገራችን ላይ ሕጎቻችን «የገቢ ግብር» እና «የተጨማሪ እሴት ታክስ» እያሉ ሁለቱን ቃላት ለይተው ሲይዙ፣ ተርጓሚዎች በአንድ ገጽ ላይ እያቀያየሩ መጻፋቸው ደግ አይደለም፤ ዕቃ ሲሸጥ ለሚከፈለው «ታክስ» በሚለው እንጽና።

«ታክሱ ባይኖር» የሚለው ሐረግ ምን ያህል እንደሚያሳስት በዚያው በጃንጥላው ገበያ እናሳይ። ታክሱና ክረምቱ በአንድ ሳምንት ገቡ እንበል። የፍላጎት መስመር በ12 ወደ ቀኝ፣ የአቅርቦት መስመር በ60 ብር ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ አዲሱ ዋጋ 260 ብር፣ የሚሸጠው 80 ይሆናል። ተመልካቹ ዋጋው ከ200 ወደ 260 መውጣቱን፣ መጠኑም ከ80 አለመነቃነቁን አይቶ «ታክሱ ሙሉ በሙሉ በገዢው ላይ አረፈ፤ ገበያውም አልተጎዳም» ቢል ዓይኑ ያየውን ተናግሯል። ሆኖም ክረምቱ ብቻውን ቢሆን ዋጋው 220፣ መጠኑ 88 በሆነ ነበር። ታክሱ ገዢው ላይ ያኖረው 40 ብር ነው፤ ሻጩም 220 ሊያገኝ ሲችል 200 ስላገኘ 20 ብር ተሸክሟል፤ 8 ጃንጥላም ሳይሸጥ ቀርቷል። ስለዚህ በትርጉም ላይ «ከታክሱ በፊት» እና «ታክሱ ባይኖር» የሚሉት ሁለት አገላለጾች አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገቡ መጠንቀቅ ግድ ነው። ያየነው ጽሑፍ በሦስት ቦታ አቀያይሯቸዋል።

አንድ ገደብም እንጨምር። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሻጮችና ገዢዎች ብዙ ሆነው ዋጋው በነጻ በሚንቀሳቀስበት ገበያ ነው። ዋጋው በመመሪያ ተወስኖ 200 ብር ላይ እንዲቆይ ቢደረግ፣ ለሻጩ የሚቀርለት 140 ስለሆነ 56 ብቻ ያቀርባል፤ 80 ይፈለጋል፤ የቀረው በሰልፍ ይታያል። ያን ጊዜ «የሚዛን ዋጋ» የሚለውን ስያሜ መጠቀም ራሱ ስሕተት ነው።

ለተርጓሚው የመለስንለት ማረሚያ የሚከተለው ነው፦ «ታክስ በሻጮች ላይ ሲጣል የአቅርቦት መስመር በታክሱ ልክ ወደ ላይ ይነሣል፤ አቅርቦት ያንሳል ማለት ነው። የሚዛን ዋጋ ከታክሱ ባነሰ መጠን ይጨምራል፤ የተፈለገው መጠንም በፍላጎት መስመር ላይ ተጉዞ ይቀንሳል። ከፋዮቹ ሻጮች ናቸው፤ ተሸካሚዎቹ ግን ሻጮችና ገዢዎች ሲሆኑ፣ ድርሻቸው የሚለየው በመጠን አጸፋቸው ነው።» ተርጓሚው ሁሉንም ተቀብሎ «ተሸካሚ» የሚለውን ብቻ ተቃወመ፤ ወደ ገበያ የሚገባ አንባቢ ዕቃ የሚሸከመውን ሠራተኛ ያስባል ይላል። «ያረፈበት» ይሻላል የሚል ነው። የእኛም ዝንባሌ ወደዚያው ሄዷል፤ ብዙ ቁጥሩ «ያረፈባቸው» ሲሆን ግን በስም ቦታ ለመቆም ይከብዳል። የተሻለ ያለው አንባቢ ይጻፍልን።